«አልተመረጡም» ብሎ በግልጽ መጻፍ

የሥራ ማስታወቂያ ግርጌ ላይ «ለፈተና የተመረጡትን ብቻ እንጠራለን» የሚል መስመር አይጠፋም። ማመልከቻ ብቻ ላስገባ ሰው ይህ ይበቃ ይሆናል። ተፈትኖና ቃለ መጠይቅ ቀርቦ የሄደ ሰው ግን መልስ ይገባዋል። «እንደውልልዎታለን» ተብሎ የተሸኘ አመልካች ሌላ ያገኘውን ሥራ እስከ መተው ድረስ ይጠብቃል።

ለሂሳብ ሠራተኛ መደብ የተወዳደረች አንዲት ወጣት እናስብ። የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች፣ ቃለ መጠይቁም ጥሩ ነበር። በተግባር ፈተናው ግን የባንክ ሂሳብ ስታስታርቅ ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ ከድርጅቱ መዝገብ መቀነስ ሲገባት ከባንኩ መግለጫ ላይ ቀነሰችው። ባንኩ ገንዘቡን አስቀድሞ ስለቆረጠ ክፍያው ሁለት ጊዜ ተቀነሰ፤ ሁለቱ ሂሳቦችም ሳይገጥሙ ቀሩ። እንዲህ ላለችው ተወዳዳሪ ብዙ ጊዜ የሚላከው ደብዳቤ በረጅም ምስጋና ተጀምሮ «ለጊዜው አልተሳካም» በሚል ያበቃል። አንብባ ስትጨርስ ገና ተስፋ ይኑራት አይኑራት አታውቅም።

እንዲህ ቢጻፍላትስ?

«ለሂሳብ ሠራተኛ መደብ ባደረግነው ውድድር አልተመረጡም፤ መደቡ በሌላ ተወዳዳሪ ተይዟል። ውጤትዎን ዝቅ ያደረገው የተግባር ፈተናው ነው። የባንኩን የአገልግሎት ክፍያ ከመዝገቡ ሳይሆን ከባንኩ መግለጫ ስለቀነሱ ሂሳቡ አልታረቀም። ተጽፈው ገና ያልተመነዘሩትን ቼኮች ግን በትክክል ለይተዋል። ጊዜዎን ሰጥተው ስለተወዳደሩ እናመሰግናለን።»

ውጤቱ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተነግሯታል። ምክንያቱ ከእርማት ወረቀቱ የተወሰደ ነው፤ ልጅቷ ብትጠይቅ ፈታኙ አውጥቶ ሊያሳያት ይችላል፣ እሷም ለሚቀጥለው ፈተና ልታስተካክለው ትችላለች። ሙገሳውም ቢሆን ያደረገችውን ነገር ለይቶ የሚጠራ ስለሆነ ታምነዋለች። «በራስ መተማመን ይጎድልዎታል» የሚለው አስተያየት ግን ከየትኛው መልሷ እንደመጣ ማንም ሊያሳያት አይችልም፤ ቅስሟን ከመስበር በቀር የሚያስተምራት ነገር የለውም። ስለተመረጠው ሰው ማንነትና ነጥብ መዘርዘርም ተገቢ አይደለም።

አንዳንዴ ጥፋቱ የተፈታኙ አይደለም። መደቡ በውስጥ ዝውውር ተሞልቶ ወይም በጀት ጠፍቶ ከሆነ ያንኑ መጻፍ ነው፤ ለወጉ ያህል ከፈተናው ስህተት ፈልጎ ማውጣት ውሸት ነው። ተጠባባቂ ሆና የተያዘች ከሆነም ተጠባባቂነቷ እስከ መቼ እንደሚቆይ ይነገራት፤ ካልተያዘች «ወደፊት እናስታውስዎታለን» የሚለው ይቅር። የተመረጠው ሰው ውል እስኪፈርም መቆየት ግድ ከሆነ ደግሞ ውሳኔው የሚታወቅበትን ቀን ማሳወቅ ይቻላል።

የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ ከሆኑ፣ ፈትነዋቸው እስካሁን መልስ ያልሰጧቸውን ሰዎች ዝርዝር አውጥተው በዚህ ሳምንት ይጻፉላቸው።