ስፌቱ የማይታይ ጥለት

በስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ላይ የሚታየው ጥለት ማለቂያ የሌለው ይመስላል። የተሣለው ግን አንድ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ወረቀቱን የሚሞላው ያው ቁራጭ ጎን ለጎንና ከላይ እስከ ታች እየተደረደረ ነው። ንድፍ ሠሪዎች ይህን ቁራጭ ታይል ይሉታል፤ ስሙም ከወለል ንጣፍ የመጣ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ በቀኝ ጠርዝ የተቆረጠ ቅርፅ ቀሪ አካሉ ከግራ ጠርዝ ይጀምራል፤ በታች የወጣውም በላይ ይገባል። ይህ በትክክል ከተጠበቀ አንዱ ታይል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ዓይን አይለይም።

ቡና ቆልቶ የሚሸጥ አንድ ድርጅት የራሱን መጠቅለያ ወረቀትና ትንሽ የስጦታ ካርቶን ማሠራት ፈለገ እንበል። ቅርፆቹ ሦስት ናቸው፦ ጀበና፣ ሲኒና የቡና ፍሬ። ብዙ ሰው ወዲያው ጀበናውን መሣል ይጀምራል። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን ወረቀቱ የሚታተምበት ማሽን ነው፤ የታይሉን መጠን የሚወስነው እሱ ነውና።

ወረቀቱ በኦፍሴት በሉህ በሉህ የሚታተም ከሆነ ችግር የለም፤ ጥለቱ በሉሁ ጠርዝ ላይ የትም ቢቆረጥ ግድ አይሰጥም። በጥቅል የሚሸጥ ወረቀት ግን በአብዛኛው የሚታተመው ሲሊንደር ባለው ማሽን ነው። በፍሌክሶ ማተሚያ ላይ የጎማ መሰል ሰሌዳው በሲሊንደሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ሲሊንደሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር የዙሪያውን ያህል ወረቀት ያትማል፣ ከዚያም ያንኑ ከመጀመሪያው ይደግማል። ስለዚህ በዙሪያው ላይ የሚያርፉት ታይሎች ቁጥር ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት ሙሉ መሆን አለበት። በብዙ ማሽኖች የሲሊንደሩ መጠን የሚነገረው በማርሽ ጥርስ ቁጥር ሲሆን፣ በስፋት በሚሠራበት አንድ መለኪያ እያንዳንዱ ጥርስ 3.175 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። ባለ 96 ጥርስ ሲሊንደር ዙሪያው 304.8 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ንድፍ ሠሪው ማሽኑን ሳይጠይቅ ለሒሳብ እንዲመቸው ብሎ ታይሉን 100 ሚሊ ሜትር ቢያደርገው፣ ሦስቱ ታይሎች 300 ሚሊ ሜትር ይሸፍኑና 4.8 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ጥለቱ ይሰበራል፤ ጥቅሉ እስኪያልቅም ስብራቱ ይደጋገማል። ታይሉ 101.6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ሦስቱ ልክ ይገጥማሉ። ይህ ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው፦ በኢንች 300 ፒክስል በሆነ ጥራት ሲለካ በትክክል 1200 ፒክስል ይሆናል። 100 ሚሊ ሜትር ግን 1181.1 ፒክስል ነው፤ ያቺ ትርፍራፊ ፒክስል በመጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ልትተው ትችላለች።

መጠኑ ከታወቀ በኋላ ቅርፆቹ ይደረደራሉ። ለዚህ ታይል 30 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ጀበናዎች፣ 18 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ሲኒዎችና 10 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ሰባት ፍሬዎች ይበቃሉ። ሁሉም ተደምረው ከታይሉ ስፋት አንድ አራተኛ ያህል ይይዛሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክፍተቱ የሚለካው ከቅርፅ መሐል ወደ ቅርፅ መሐል ሳይሆን ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ነው። የጀበናው አፍና እጀታ ወደ ውጭ ስለሚወጡ፣ በመሐል ለመሐል የለካ ሰው አንዱ ጋ የተጣበበ ሌላው ጋ የተራቆተ ጥለት ያገኛል።

ጀማሪዎች አዘውትረው የሚሠሩት ስሕተት ቅርፆቹን ሁሉ በታይሉ ውስጥ በጥንቃቄ መሰብሰብ ነው። በጠርዙ ላይ የሚያልፍ ቅርፅ ከሌለ በታይሎቹ መካከል ባዶ መንገድ ይፈጠራል፤ ወረቀቱም እንደ ካሬ ደብተር መስመር በመስመር ይሆናል። ስለዚህ አንዳንድ ቅርፆች ሆን ተብሎ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። በቀኝ ጠርዝ ላይ ያረፈ ሲኒ ይገለበጥና ቅጂው በትክክል 1200 ፒክስል ወደ ግራ ይገፋል፤ ቁጥሩ በጽሑፍ ይገባል እንጂ በዓይን ግምት አይጎተትም። በማዕዘን ላይ ያረፈ ቅርፅ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን መገኘት አለበት። በፎቶሾፕ ሥራውን ለመፈተሽ Filter > Other > Offset ተከፍቶ በሁለቱም አቅጣጫ 600 ይሞላል፣ Wrap Around ይመረጣል። ያን ጊዜ አራቱ ጠርዞች ወደ መሐል ይመጣሉ፤ የተሸሸገው ክፍተት በመስቀል ቅርፅ ይጋለጣል፣ በጥቂት ፍሬዎችም ይሞላል።

መጋጠሚያው ቢጠፋም ጥለቱ ሊያስቀይም ይችላል። ከሁለቱ ጀበናዎች አንዱ ብቻ ደማቅ ቀይ ቢሆን ሰባ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ላይ ሰባት ያህል ቀይ ነጥቦች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ዓይንም ጥለቱን ትቶ መቁጠር ይጀምራል። መፍትሔው ደማቁን ቀለም ለሁለቱ ማካፈልና ጀበናዎቹን በተለያየ አቅጣጫ ማዘንበል፣ እንዲሁም ታይሎቹን በደረጃ መደርደር ነው፦ ሁለተኛው ዓምድ በታይሉ ግማሽ ቁመት ዝቅ ይላል፤ በጎን ጠርዝ ላይ ያረፉ ቅርፆች ቅጂም በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት። በኢለስትሬተር ይህ በ Object > Pattern > Make ውስጥ Brick by Column ይባላል። ከጎኑ ያለው Brick by Row ረድፎቹን ወደ ጎን ስለሚያንሸራትት እውነተኛው ድግግሞሽ በየሁለት ረድፉ ይሆናል። በሲሊንደሩ ላይ ያሉት ረድፎች ሦስት ስለሆኑ በዚህኛው ምርጫ ጥለቱ በየዙሩ ይፋለሳል። ሲሊንደር በሌለበት በኮምፒዩተር መስታወት ላይ ይህ ስሕተት ፈጽሞ አይታይም።

የቅርፆቹ አቅጣጫ ለወረቀቱና ለካርቶኑ አንድ አይደለም። ስጦታ ሲጠቀለል ወረቀቱ ስለሚዞር፣ ሁሉም ጀበና ቀጥ ብሎ ከቆመ በአንዱ ጎን ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ቡና ጠጪ ተመልካች ቡናው የፈሰሰ ይመስለዋል። መደርደሪያ ላይ ቆሞ የሚሸጠው ካርቶን ይህ ሥጋት የለበትም።

ለትንሹ ካርቶን ያው ታይል ወደ 60 በመቶ ዝቅ ይላል። መጠኑ 60.96 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በዚያው ሲሊንደር ላይም አምስት ጊዜ ልክ ይገባል። የካርቶኑ አራት ጎኖች እያንዳንዳቸው ይህን ያህል ስፋት ካላቸው ዙሪያው አራት ታይል ይሆናል። አራት ሙሉ የዓምድ ጥንድ ስለሆነ በደረጃ የተደረደረው ጥለት ማጣበቂያው ጋ ሲገናኝ አይፋለስም፤ አምስት ቢሆን ግን ይፋለስ ነበር። ጥንቃቄ የሚያሻው በቀጭን መስመር ነው፦ በወረቀቱ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር የነበረው የጀበና እጀታ መስመር 0.18 ይሆናል። በደማቅ መደብ ላይ በነጭ የተተወ ከሆነ ቀለሙ ሊደፍነው ስለሚችል ለትንሹ መጠን ተወፍሮ እንደገና ይሣላል።

ከኅትመት በፊት አራት ታይሎች በእውነተኛ መጠናቸው በተራ አታሚ ወጥተው ይጋጠሙና ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ሦስት ሜትር ርቆ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ሲያዩት የተሰለፈ ጥቁረት ወይም ነጭ መንገድ ካለ ብቅ ይላል። በፒዲኤፍ ፋይል ላይ በታይሎች መካከል የሚታይ ቀጭን ነጭ መስመር ግን ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ምስሉ ሲጎላ መስመሩም አብሮ ከወፈረ እውነተኛ ክፍተት ነው፤ ምስሉ እየጎላ መስመሩ ባለበት ከቀጠነ የመስታወቱ አሣሣል ያመጣው ነው፣ ወረቀት ላይ አይወጣም።