ማሩ ለምን ረጋ? ለደንበኛችን የተሰጠ ምላሽ

እህታችን፣ «ስኳር የተቀላቀለበት ማር ሸጣችሁልኝ፤ እንደ ድንጋይ ደረቀ» ብለው የጻፉትን አንብበናል። ገንዘብ አውጥተው የገዙት ነገር እንዲህ ሲሆን መናደድዎ ተገቢ ነው።

የወሰዱት ከጅማ ጌራ የመጣ የገተማ ማር ነው። የገተማ ዛፍ አበባ ማር ነጭ ነው፤ ቶሎም ይረጋል። ማር ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ግሉኮስ ባለው ጥቂት ውሃ ሟሙቶ መቆየት ስለማይችል ደቃቅ ቅንጣት እየሠራ ይለያል። የክረምት ብርድ ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ መርጋቱ ብቻውን ስኳር ተጨምሮበታል አያሰኝም። ግን ንጹሕ መሆኑንም አያረጋግጥም፤ ክብሪት መለኮስም ሆነ ውሃ ላይ ማንጠባጠብ እንዲሁ። አስተማማኙ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ከዚያው ዕቃ ያስቀረነውን ናሙና በእኛ ወጪ እናስመረምራለን፤ ውጤቱን እዚሁ እንለጥፋለን። መጠበቅ ካልፈለጉ ማሩን ይመልሱልንና ሙሉ ገንዘብዎን ዛሬውኑ ይውሰዱ።

ማሩን ማቅለጥ ከፈለጉ ዕቃውን 40 ዲግሪ ገደማ በሞቀ፣ እጅ በሚችለው ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀይሩት። እሳት ላይ አይጣዱት፤ መዓዛው ይጠፋል።

አዲስ ለምትገዙ፦ የረጋ ማር አያስደንግጣችሁ። አረፋ የደፈቀ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያለው ማር ግን እርጥበት በዝቶበት መፍላት ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ከእኛ ከደረሳችሁ አትብሉት፤ ግማሹን ተጠቅማችሁበትም ቢሆን መልሱልን፣ እንቀይራለን።