የተጋደመው ገጽና ቦታውን የሳተው የገጽ ቁጥር፦ ተረትና እውነታ

ከሐምሌ እስከ ሰኔ የተከናወነውን በየወሩ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በቆመ ወረቀት ላይ አይመችም። ፍኖተ ሰላም ላይ ለዞን የሚጠቃለል የግብርና ሪፖርት እንውሰድ። ሠንጠረዡ ተራ ቁጥር፣ ተግባር፣ ዕቅድ፣ 12 ወራትና ድምር ይዞ 16 ዓምድ ይሆናል። ኤ4 ወረቀት በአራቱም በኩል 2.54 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ሲተውለት ለጽሑፍ የሚቀረው ስፋት 15.92 ሴንቲ ሜትር ነው። “የበቆሎ ምርጥ ዘር ሥርጭት በኩንታል” ለሚል ተግባር 4 ሴንቲ ሜትር ከሰጠን፣ ለቀሩት 15 ዓምዶች ለእያንዳንዳቸው 8 ሚሊ ሜትር እንኳ አይደርሳቸውም። ስለዚህ 2,450 የሚለው ቁጥር ለሁለት ተሰብሮ አንዱ ከሌላው በታች ይወድቃል። ወረቀቱ ቢጋደም ግን ስፋቱ 24.62 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ዓምዱ ወደ 1.4 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ቁጥሩም ሳይሰበር ይቀመጣል። ስለዚህ ያን አንድ ገጽ ላንድስኬፕ ማድረግ ተገቢ ነው። ብዙ የተሳሳተ እምነት የሚነሣው ከዚህ በኋላ፣ ራስጌውና ግርጌው (ሄደሩና ፉተሩ) ቦታቸውን ሲስቱ ነው።

የመጀመሪያው እምነት “አንዱን ገጽ ካጋደምኩ ሰነዱ በሙሉ ይጋደማል፤ ስለዚህ ሠንጠረዡን በሌላ ፋይል ሠርቶ ፕሪንት ሲደረግ መሐል ማስገባት ነው” የሚለው ነው። እንዲህ የተሠራ ሪፖርት የገጽ ቁጥሩ በእጅ መሞላት አለበት፤ ማውጫውም ሠንጠረዡን አያውቀውም። ማይክሮሶፍት ወርድ ግን የገጽን አቅጣጫ የሚይዘው በሴክሽን ነው። ሠንጠረዡን ከነርዕሱ መርጦ በLayout ሥር Margins፣ ከዚያ Custom Margins ከፍቶ Landscape ማለትና Apply to የሚለውን Selected text ማድረግ ይበቃል። ወርድ ራሱ ከፊትና ከኋላ ሁለት የሴክሽን መለያ ያስገባል። ርዕሱን አብሮ አለመምረጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ርዕሱ በቆመው ገጽ ላይ ብቻውን ይቀራል። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ መለያው የሚይዘው ከበላዩ ያለውን ጽሑፍ ቅርጽ ነው። ከሠንጠረዡ በፊት ያለውን መለያ የሰረዘ ሰው የቀደመው ጽሑፍ ሲጋደምበት “ኮምፒውተሩ ተበላሸ” ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን የታዘዘውን ነው የሠራው።

ሁለተኛውና ይበልጥ ሥር የሰደደው እምነት “ገጹ ሲጋደም ራስጌው ይበላሻል፤ መፍትሔው Link to Previousን ማጥፋት ነው” የሚለው ነው። እስቲ ምን እንደሚሆን በቅርብ እንየው። በግራ የጽሕፈት ቤቱ ስም፣ በቀኝ የገጽ ቁጥር ያለበት ራስጌ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ታብ በመምታት ነው። ለኤ4 በተዘጋጀ የወርድ ሰነድ የመሐሉ ታብ በ7.96፣ የቀኙ በ15.92 ሴንቲ ሜትር ላይ ተተክሏል። እነዚህ ልኮች ከግራ ኅዳግ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቀኝ ኅዳግ የት እንዳለ አያውቁም። ገጹ ሲጋደም ቀኝ ኅዳጉ ወደ 24.62 ሲሸሽ ታቡ ግን ባለበት ይቆማል። ስለዚህ የገጽ ቁጥሩ ከቀኝ ኅዳጉ 8.7 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ መሐል ሜዳ ላይ ይንጠለጠላል። ይህን አይቶ ቁጥሩን በስፔስ እየገፋ ወደ ቀኝ የሚወስድ ሰው ደግሞ የባሰ ነገር ይገጥመዋል፦ ግንኙነቱ ስላልተቋረጠ በቆሙት ገጾች ሁሉ ላይ ቁጥሩ ወደ ቀጣዩ መሥመር ይወርዳል።

ግንኙነቱን ማጥፋት በርግጥ ይሠራል። ነገር ግን አንድ የነበረው ራስጌ ሦስት ይሆናል፤ የበጀት ዓመቱ ሲለወጥ በሦስት ቦታ መታረም አለበት፤ አንዱ ቢረሳ የአምናው ዓመት ሪፖርቱ ውስጥ ይቀራል። ጥፋቱ የታቡ እንጂ የግንኙነቱ ስላልሆነ መታረም ያለበትም ታቡ ነው። ራስጌውን ሁለቴ ተጭኖ ከፍቶ አሮጌውን ታብ መሰረዝ፣ በHeader & Footer ሥር Insert Alignment Tab የሚለውን መምረጥ፣ Rightን እና Relative to በሚለው Marginን መያዝ ነው። ይህ ታብ በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በኅዳጉ ስለሚለካ፣ ያው አንድ ራስጌ በቆመውም በተጋደመውም ገጽ ጠርዙን ይዞ ይቀመጣል። ከራስጌው ሥር ያለው መሥመርም በShapes የተሣለ ከሆነ አጥሮ ይቀራል፤ የአንቀጹ ድንበር ተደርጎ በBorders ከተሠራ ግን ከገጹ ጋር ይሰፋል። በአሮጌው .doc ዓይነት ለተቀመጠ ፋይል ይህ ታብ አይገኝም፤ እዚያ ላይ ግንኙነቱን አጥፍቶ ታቦቹን በ12.31 እና በ24.62 መትከል ግድ ነው።

“እኔ ግን ታቡን አስተካክዬ ራስጌው ጭራሽ ጠፋብኝ” የሚል ይኖራል። የዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ላይ ቁጥር እንዳይታይ Different First Page ከተመረጠ፣ አዲስ የሚፈጠረው ሴክሽን ይህን ምርጫ ይወርሳል። የተጋደመው ሴክሽን ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያ ገጽ ለሴክሽኑ “የመጀመሪያ ገጽ” ሆኖ እንደ ሽፋን ባዶ ይወጣል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የቆመ ገጽም እንዲሁ። በሁለቱም ሴክሽኖች ምልክቱን ማንሣት ነው። ቁጥሩ እንደገና ከ1 ከጀመረ ደግሞ በFormat Page Numbers ውስጥ Continue from previous section መመረጥ አለበት።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስክሪን ላይ ለሚያነብ ነው፤ ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከተጠረዘ ወረቀት ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ የሚማር ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በግራ 3.8 ሴንቲ ሜትር ትቶ አዘጋጀ እንበል። ገጹ ሲጋደም ወርድ ኅዳጎቹን አብሮ ያዞራል፤ ሰፊው የጥራዝ ኅዳግ ወደ ላይ ይሄዳል። ይህ ትክክል ነው፤ የተጋደመው ገጽ አናት ወደ ጥራዙ መግባት አለበትና። ራስጌው ከወረቀቱ ጫፍ ያለው ርቀት ግን አይዞርም፤ በ1.25 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆያል፤ ስፓይራሉ የሚበሳው እዚያው አካባቢ ነው። ቢያንስ ይህን ርቀት ለዚያ ሴክሽን ብቻ ወደ 2.5 ማሳደግ ያስፈልጋል። ጥራዙን ለሚገልጥ አንባቢ ግን ይህም አይበቃም፤ ሌሎቹ ቁጥሮች ከታች ሆነው ያ አንዱ በጎን ይመጣበታል።

ግንኙነቱን መቁረጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም በሁለት ቦታ፣ በተጋደመው ሴክሽንና ከእሱ በሚቀጥለው። ቀጣዩን ሳይቆርጡ የተጋደመውን ማስተካከል ቀሪውን ጽሑፍ በሙሉ ይለውጠዋል። ከዚያ በተጋደመው ገጽ ግርጌ ውስጥ የነበረውን ቁጥር አጥፍቶ፣ ግርጌው እንደተከፈተ የጽሑፍ ሳጥን ማስገባትና በገጹ ግራ ጠርዝ ከወረቀቱ ጫፍ 1.25 ሴንቲ ሜትር ላይ ማቆም ነው። በText Direction ሥር Rotate all text 90° ሲመረጥ ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ወረቀቱ ተጠርዞ ሲቆም ያ ግራ ጠርዝ የታች ጠርዝ ይሆናል፤ ቁጥሩም ከሌሎቹ ጋር ቀጥ ብሎ ይገጥማል። የራስጌው ጽሑፍ በዚሁ ሥሌት በቀኝ ጠርዝ ይቆማል።

የስክሪኑንና የጥራዙን አንባቢ ማስታረቅ አይቻልም። የተጠረዘው ላይ ቀጥ ያለው ቁጥር በፒዲኤፍ ሲከፈት ጎኑን ያሳያል። በእኔ ግምት ከወረዳ ወደ ዞን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ለሚላክ ሪፖርት በኅዳግ የሚለካው ታብ ይበቃል፤ የጽሑፍ ሳጥኑ ልፋት ቤተ መጻሕፍት ለሚገባ ጥራዝ ብቻ ይሁን። ለጥራዝ ከሆነ ከመጠረዙ በፊት የተጋደመውን ገጽ፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ሁለቱን ብቻ ፕሪንት አድርጎ በሚጠረዙበት ጠርዝ ደራርቦ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ ቁጥሮቹ ካልገጠሙ በምን ያህል እንደሳቱ በማስመሪያ ይለካል።