የመጀመሪያው ንጣፍ ለምን አይያዝም? የአደፋፈጡ ምልክቶች

ስሪዲ ፕሪንተር ዕቃን የሚሠራው ቀልጦ የሚወጣ የፕላስቲክ ክር ንጣፍ በንጣፍ እየደራረበ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉት ንጣፎች የሚያርፉት ገና ሙቀቱ ባልወጣለት በራሱ በፕላስቲኩ ላይ ስለሆነ ተዋህደው ይጣበቃሉ። የመጀመሪያው ንጣፍ ግን ቤድ በሚባለው የማተሚያ ገበታ ላይ ያርፋል። ገበታው ወይ መስታወት ነው፣ ወይ ፒኢአይ በሚባል ፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን ብረት። ፕላስቲኩ ከገበታው ጋር አይዋሃድም፤ የሚይዘው ለስላሳ ሳለ ገጹ ላይ በደንብ ሲጫንና ሰፊ ቦታ ሲነካ ብቻ ነው። ስለዚህ ክሩ ከኖዝሉ ወጥቶ በራሱ ክብደት እንዲወድቅ አይተውም። ኖዝሉ ከገበታው በጣም ተጠግቶ እየደፈጠጠ ያስቀምጠዋል።

የዚህን ልክ ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። ቀዳዳው 0.4 ሚሊሜትር በሆነ ኖዝል፣ ንጣፉ 0.2 ሚሊሜትር እንዲወፍር፣ እያንዳንዱ መስመር ደግሞ 0.45 ሚሊሜትር እንዲሰፋ ታዟል እንበል። ማሽኑ የሚያወጣው የፕላስቲክ መጠን በዚህ ስፋትና ውፍረት የተሰላ ነው። ኖዝሉ ከታሰበው በላይ ርቆ በ0.28 ላይ ቢቆም ያው ፕላስቲክ የሚዘረጋው ወደ 0.32 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። መስመሮቹ ግን አሁንም በ0.45 ርቀት ስለሚሰመሩ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ ገበታውን የሚነካው ገጽም ይቀንሳል። በተቃራኒው ኖዝሉ ወደ 0.1 ቢወርድ ፕላስቲኩ የሚፈልገው ስፋት በእጥፍ ያድጋል። ጎኑ በጎረቤት መስመር ስለተያዘ መሄጃው ወደ ላይ ይሆናል። ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ልዩነት ሥራውን የሚያበላሸው ለዚህ ነው።

ከርቀቱ በፊት ግን ንጽሕናው መታየት አለበት። በጣት የተነካ ገበታ የሰውነት ቅባት ይይዛል፤ ያ ቅባት ባለበት ቦታ የቱንም ያህል ቢደፈጠጥ ፕላስቲኩ አይይዝም። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ መስመሮቹ በሚገባ ተደፍጥጠው፣ ተያይዘውም ሳለ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተነስተው ይጠቀለላሉ፤ ቦታውም በየኅትመቱ ያው ነው። አልኮል ነክሮ መወልወል ብዙ ጊዜ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዳርሰዋል እንጂ ጨርሶ አያነሳውም። ገበታው ተነቃይ ከሆነ በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አለቅልቆና ገጹን ሳይነኩ አድርቆ መመለስ የተሻለ ነው። ብዙ ሰው ርቀቱን ደጋግሞ ሲያስተካክል የሚውለው ይህ ሥራ ስለተዘለለ ነው።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ብዙዎች ለሚጠቀሙበት ለፒኤልኤ ኖዝሉ በ200 እና በ215 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል፣ ገበታው 60 አካባቢ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። የመጀመሪያው ንጣፍ ሲታተም ማቀዝቀዣው ፋን ይጠፋል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ወደ 20 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል።

ይህ ከተሟላ በኋላ አደፋፈጡን ለማንበብ የሚበጀው መንገድ አንድ ንጣፍ ብቻ ያላቸውን ትናንሽ ካሬዎች ማተም ነው፤ አራቱን በየማዕዘኑ፣ አንዱን መሐል ላይ። ወረቀት ከኖዝሉ ስር አስገብቶ መሞከር የታወቀ ዘዴ ቢሆንም መነሻ ከመስጠት አያልፍም፤ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ራሱ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይወፍራልና፣ የእጅ ስሜትም ከሰው ሰው ይለያያል። የታተመው ካሬ ግን የሆነውን በትክክል ያሳያል።

ኖዝሉ ርቆ ከሆነ መስመሮቹ ድቡልቡል ሆነው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ገበታው ብልጭ ይላል። ካሬው ሲላቀቅ በአንድነት አይነሳም፣ ክር በክር ይተረተራል። በማዕዘን ላይ ኖዝሉ ሲዞርም ክሩ ይጎተትና መታጠፊያውን ይቆርጣል። ኖዝሉ ከመጠን በላይ ቀርቦ ከሆነ ደግሞ ንጣፉ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል፤ በመስመሮቹ ጠርዝ ላይ ሹል ሸንተረር ይቆማል፤ ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል። ሲብስም ፕላስቲኩ መውጫ አጥቶ ፊላመንቱን የሚገፋው ጥርስ ቀጭ ቀጭ ይላል። ልክ በሆነ ጊዜ መስመሮቹ ጠፍጠፍ ብለው ጎን ለጎን ይያያዛሉ፤ ዱካቸው ለዓይን ቢታይም ለጣት ለስላሳ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ካሬው እንደ አንድ ቅጠል ይነሳል፤ ሲታጠፍም በመስመሮቹ መካከል አይሰነጠቅም። ሥሩን ገልብጦ ማየትም ይጠቅማል፤ ከላይ የተያያዘ የመሰለው ከሥር ቀጫጭን ክፍተት ሊኖረው ይችላል።

አምስቱም ካሬዎች ተመሳሳይ ምልክት ካሳዩ የሚስተካከለው በማሽኑ ስክሪን ላይ Z offset ተብሎ የሚታየው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ቁጥሩ -1.20 በሆነበት ማሽን አምስቱም ካሬዎች ክፍተት አሳይተው፣ በካሊፐር ሲለኩ ከ0.20 ይልቅ 0.28 ሚሊሜትር ቢሆኑ ኖዝሉ በ0.08 መውረድ አለበት፤ ቁጥሩም -1.28 ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከመውረድ በ0.02 ወይም በ0.04 እየቀነሱ በየደረጃው አዲስ ካሬ ማየት ይሻላል። ማርሊን በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠሩና የገበታ መለኪያ ሴንሰር ያላቸው ማሽኖች ይህን በትእዛዝ ይቀበላሉ፤ ሁለተኛው መስመር ቁጥሩን ለቀጣይ ጊዜ ያስቀምጠዋል፦

```
M851 Z-1.28
M500
```

ካሊፐሩን ግን ከዓይን አብልጦ ማመን አይገባም። በጣም በተደፈጠጠ ካሬ ላይ መለኪያው የሚነካው የቆመውን ሸንተረር ስለሆነ ቀጭኑ ንጣፍ ወፍራም መስሎ ይነበባል፤ ይህን አምኖ ኖዝሉን ይበልጥ ያወረደ ሰው ገበታውን ይፍቃል። መጀመሪያ ምልክቱን አይቶ የትኛው ወገን እንደሆነ መለየት፣ ከዚያ መለካት ይገባል።

አንዱ ማዕዘን ተደፍጥጦ ከእሱ ትይዩ ያለው ክፍተት ካሳየ ገበታው ዘንብሏል ማለት ነው፤ Z offset ይህን ሊያርም አይችልም፤ አንዱን ሲያሻሽል ሌላውን ያበላሻል። በገበታው ሥር ማስተካከያ ብሎኖች ካሉ በእነሱ ይታረማል፤ ያም በጥንቃቄ፣ ገበታው በሥራ ሙቀቱ ላይ እያለ። በሰፊው የሚሠራበት ባለ4 ሚሊሜትር ብሎን በአንድ ሙሉ ዙር 0.7 ሚሊሜትር ይጓዛል። ሩብ ዙር ብቻ ማዕዘኑን በ0.17 ገደማ ያንቀሳቅሳል፤ ይህም ወደ ሙሉ ንጣፍ ውፍረት የቀረበ ነው። ከዚያ ያነሰ እየዞሩ አምስቱን ካሬዎች እንደገና ማተም ያስፈልጋል።

አደፋፈጡ ልክ ሆኖ ከጥቂት ንጣፎች በኋላ ማዕዘኖቹ ከተነሱ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የላይኞቹ ንጣፎች እየጠበቡ የታችኛውን ወደ መሐል ይስባሉ፣ ጉልበቱም በማዕዘኖች ላይ ይበረታል። ኖዝሉን ይበልጥ ማውረድ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ ይልቁንም የዕቃው ግርጌ ወደ ውጭ እንዲያብጥ ያደርጋል። የሚረዳው ነፋስ መከልከልና ብሪም የሚባለውን፣ በዕቃው ዙሪያ በአንድ ንጣፍ የሚታተም ሰፊ ጠርዝ መጨመር ነው።

ፒኢቲጂ ለሚባለው ፕላስቲክ ንባቡ ትንሽ ይለያል። በጣም ከተደፈጠጠ ኖዝሉ ላይ ተለጥፎ እየተጎተተ ጓል ይሠራልና ከፒኤልኤ ጥቂት ከፍ ብሎ መታተም ይወዳል። በለስላሳ ፒኢአይ ወይም በመስታወት ላይ ደግሞ ከሚገባው በላይ ሊይዝ፣ ሲላቀቅም የገበታውን ገጽ ቦጭቆ ሊነሳ ይችላል። እዚህ ላይ ስስ የስቲክ ሙጫ የሚቀባው እንዲለያቸው ነው፤ ዕቃውም ገበታው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ባለበት ይቆያል።