የተላከው ገንዘብ እንዴት ይነገር?

ሪያድ በቤት ሠራተኝነት በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ ሴት ለእናቷ 600 ሪያል ስትልክ፣ መጠኑን በሪያል መናገሯ ይሻላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ እጅ ላይ የሚደርሰው ብር ሲለዋወጥ ቤተሰብ «ቀነሰችብን» ሊል ይችላል። ቀጥሎ ድርሻው ይነገራል፦ 400 ለቤት አስቤዛ፣ 200 ለወንድሟ ትምህርት። የቀረው 400 ለጉዞ የተበደረችውን እንደሚከፍል አንዴ በግልጽ ከተነገረ፣ «ሌላውን ምን አደረገችው?» የሚል ጥርጣሬ ይቀንሳል።

«እኔ ባልኖር» ማለት ኩራት፣ «ለእናንተ ብዬ ተቃጥዬ» ማለት ወቀሳ ሆኖ ይሰማል። «እማዬ፣ የዚህ ወር አቅሜ ይኸው ነው፤ የልጁ መመዝገቢያ ይቅደም» ማለት ግን ልኩንም ምክንያቱንም ይይዛል። መላክ የማይቻልበትን ወር አስቀድሞ መንገር ደግሞ ቤተሰቡ ገንዘቡን ተማምኖ ዱቤ እንዳይገባ ያደርጋል።