ከደመወዙ ሌላ ምን ይጠየቃል?

በአዲስ አበባ የግል ድርጅቶች ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን አልፎ ለቅጥር የተመረጠ ሰው ደመወዙ ላይ ትንሽ ገፋ ሲያደርግ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ «የመደቡ እርከን ይኸው ነው» ይባላል። መልሱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የሰው ሀብት ኃላፊው ለአንድ አዲስ ሠራተኛ ብሎ እርከኑን ቢነካ፣ በዚያው መደብ የሚሠሩት ነባሮች በማግስቱ ቢሮው በር ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ተቀጣሪው ወይ «እሺ» ብሎ ይፈርማል፣ ወይ ቅር ብሎት ይሄዳል። እርከኑ ያሰረው ግን ወርኃዊ ደመወዙን ብቻ ነው። የሙከራ ጊዜው፣ የሕክምና ሽፋኑ፣ የቅዳሜው ሥራ፣ የመደቡ መጠሪያና የመጀመሪያው ቀን በእርከኑ ላይ አልተጻፉም። (በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ከደመወዙ ጋር ሌላውም በሕግና በመመሪያ የተወሰነ ስለሆነ እዚህ የምናወራው ስለ ግሉ ነው።)

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እናስብ። አሁን ባለችበት ድርጅት አምስት ዓመት ሠርታለች፣ መኖሪያዋ አያት ነው። ሳሪስ አካባቢ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት በ30,000 ብር ሊቀጥራት ፈልጓል። እሷ ያሰበችው 33,000 ነበር። ድርጅቱ የሰጣት ሐሳብ እንዲህ ነው፦ መጠሪያው ሲኒየር አካውንታንት፣ ሥራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን፣ የሙከራ ጊዜ ስድሳ የሥራ ቀን፣ መጀመሪያው በአሥር ቀን ውስጥ።

መጀመሪያ ያጣችው ገንዘብ በእርግጥ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 ከመቶ ይቆረጥበታል። ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ደግሞ ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። እንግዲህ ድርጅቱ ደመወዟን በ1,000 ብር ቢጨምርላት ከካዝናው 1,110 ብር ይወጣል፤ እሷ እጅ የሚገባው 580 ብር ነው። የጠየቀችው 3,000 ብር ኪሷ ሲደርስ 1,740 ይሆናል። አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለው ትክክለኛ ወጪ ግን በገቢ ግብር አዋጁ ከግብር ነጻ ነው። በውል የተወሰነ የትራንስፖርት አበልም በመመሪያ እስከተቀመጠለት ጣሪያ ድረስ ከግብር ነጻ ነው። የደመወዝ ጭማሪ የተከለከለች ሴት ሕክምናን ብትጠይቅ፣ አሠሪው በሚያወጣው በዚያው ብር የበለጠ ታገኛለች ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለሰው ሀብት ኃላፊው በወረቀት ማሳየት ነውር የለበትም፤ የሒሳብ ባለሙያ ስትሆን ደግሞ ያምርባታል።

ሕክምና ሲጠየቅ «አለን» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። በዓመት ጣሪያው ስንት ነው? ልጅና የትዳር ጓደኛ ይካተታሉ? ድርጅቱ ውል ያለው ሆስፒታል ጋር በዱቤ ነው የሚታከሙት ወይስ ከፍለው ደረሰኝ ያቀርባሉ? ደረሰኝ የሚያቀርቡ ከሆነ ገንዘቡ በስንት ጊዜ ይመለሳል? ይህ ሁሉ እንደ ድርጅቱ ይለያያል፣ በቃለ መጠይቅ ላይም ማንም አያነሣውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ አሠሪ 30,000ውን ሳይነካ ከሁለት ይከፍለዋል፤ 22,000 መሠረታዊ ደመወዝ፣ 8,000 የቤት አበል። የቤት አበል ግብር ስለሚከፈልበት ግብሩ አይለወጥም። ጡረታው ግን የሚሰላው በ22,000 ላይ ብቻ ስለሆነ በየወሩ 560 ብር በእጇ ይጨምርላታል። ደስ ይላል። በሌላ በኩል አሠሪው በየወሩ 880 ብር የጡረታ መዋጮ ይቀርለታል፤ በስሟ ይገባ የነበረው ጠቅላላ መዋጮ በ1,440 ብር ይቀንሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «ደመወዝ» ሲል አበልን ስለማይጨምር የትርፍ ሰዓት፣ የስንብት ክፍያና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ሁሉ በትንሿ ቁጥር ይሰላሉ። በመቶኛ የሚደረግ ዓመታዊ ጭማሪም ከመሠረታዊው ላይ ነው። በእኔ አስተያየት አበል የሚጠቅመው ከደመወዙ በላይ ተጨምሮ ሲመጣ ነው፤ ከደመወዙ ተቆርሶ ሲመጣ በትሕትና እምቢ ማለት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ቸል የሚባለው የመደቡ መጠሪያ ነው። ለአሠሪው ወጪ የለውም፣ ስለዚህ ደመወዝ የከለከለ ድርጅት ማዕረግ በቀላሉ ይሰጣል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ሠራተኛ ሲለቅ አሠሪው የመስጠት ግዴታ ያለበት የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ስለሚገልጽ፣ የዛሬው መጠሪያ ለሚቀጥለው ቅጥር መነሻ ይሆናል። አደጋውም እዚያው ነው። ባለሙያችን «ሲኒየር አካውንታንት» የሚለው ቀርቶ «ፋይናንስ ማናጀር» ልባል ብትልና ቢሰጧት፣ ከመጠሪያው ጋር የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ከመጣ በአዋጁ አገላለጽ የሥራ መሪ ትሆናለች። የሥራ መሪ ደግሞ ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ነው። የዓመት ፈቃዷ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን መሆኑ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ያለመሰናበት፣ እነዚህ ሁሉ በአዋጁ ኃይል ሊጠየቁ አይችሉም። የሚገዛት ውሉና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

ሕጉ የሚለየው በሥልጣን እንጂ በስም እንዳልሆነ ልብ ይሏል። በሥሯ ማንም ሳይኖር፣ ሠራተኛ የመቅጠርም ሆነ የማሰናበት ድርሻ ሳይሰጣት ማናጀር ብትባል በስሙ ብቻ ከአዋጁ አትወጣም። ክርክር ሲነሣ ግን ማስረጃ የሚሆነው የሥራ ዝርዝሩ ነው። ስለዚህ ማዕረግ የሚቀበል ሰው የሥራ ዝርዝሩን ከውሉ ጋር ተያይዞ ይጠይቅ። ሥልጣኑም አብሮ ከመጣ አዋጁ ይሰጠው የነበረውን ሁሉ፣ የፈቃዱን ቀናት፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ፣ የስንብት ክፍያውን፣ በውሉ ላይ ቁጥር በቁጥር ያስጽፍ። ያልተጻፈው በኋላ ለመከራከር ከባድ ነው።

ስለ ሥራ ሰዓት የሚደረገው ድርድር በአገራችን ብዙ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ይሞታል፤ «ሕጉ አይፈቅድም» ይባላል። አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ ይላል። የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ ደግሞ የአንዱን ቀን ሥራ አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማደላደል ይቻላል፤ ጭማሪው በቀን ከ2 ሰዓት እንዳይበልጥ ብቻ ነው። የባለሙያዋን ቅዳሜ እንውሰድ። አራት ሰዓት ነው፤ ለአምስት ቀን ሲከፈል 48 ደቂቃ ይደርሳል። ጠዋት 2፡30 መግባት ያለባት ሴት 1፡42 ብትገባ ቅዳሜዋ ነጻ ይሆናል። ከአያት ለምትነሣ ሰው ማልዶ መውጣት ከትራፊኩም ያድናል። ለአሠሪው ደግሞ በምላሹ የሚያስፈልገውን ትሰጠዋለች፤ «ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ቅዳሜም እገባለሁ» ትላለች። መሥመር ይዞ ደንበኛ የሚያስተናግድ የባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ይህን ቢጠይቅ አይሰጠውም፣ መጠየቁም ብዙ ትርጉም የለውም። የሒሳብ ክፍል ግን የሚለካው በሪፖርት ነው። አሠሪው ከፈራ ለሦስት ወር ተሞክሮ እንዲታይ ማቅረብ በሩን ይከፍታል።

የቀረው የመጀመሪያው ቀን ነው። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በፈቃዷ ስትለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት፤ ሳትሰጥ ብትሄድ እስከ 30 ቀን ደመወዟ የሚደርስ ካሣ ሊጠየቅባት ይችላል። ስለዚህ የአዲሱ ድርጅት «በአሥር ቀን» የሚለው ጥያቄ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ እሷ ነች። ጊዜው ሰኔ ማለቂያ ከሆነ ይብሳል፤ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ላይ የሒሳብ ሠራተኛውን በፈገግታ የሚለቅ አለቃ የለም፤ ክሊራንሱም ይጓተታል። ይህን ለአዲሱ አሠሪ በግልጽ መናገር አያሳፍርም። ነገ እነሱን ስትለቅ እንዴት እንደምትለቅ ይነግራቸዋልና።

ከቀኑ ጋር የሙከራ ጊዜው ይነሣል። በሙከራ ጊዜ አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለችም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብት ይችላል። አምስት ዓመት የሠራችበትን ቦታ ለቅቃ ለሁለት ወር ተኩል ያህል ምንም ሳይኖራት ትቆማለች ማለት ነው። ስድሳ የሥራ ቀን የሕጉ ጣሪያ ነው፤ ግዴታ አይደለም፤ የሙከራ ስምምነትም በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። «ፈተናችሁን አልፌያለሁ፣ የሥራ ልምዴንም አይታችኋል፤ ወደ ሠላሳ ቀን ይውረድልኝ» ማለት በእርከን የማይታሰር፣ ገንዘብ የማያስወጣ ጥያቄ ነው። የዓመት ፈቃዷም እንዲሁ። ባለችበት 16 ላይ በየሁለት ዓመቱ አንድ እየተጨመረ 18 ቀን ደርሳለች፤ አዲሱ ቤት ከ16 ያስጀምራታል፤ ሁለቱን ቀን መልሱልኝ ብትል ትክክል ነች።

ይህን ሁሉ በየቀኑ አንድ አንድ እያነሡ መጠየቅ አሠሪን ያሰለቻል። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ንግግር ይቅረብ፦ «እርከኑ እንደማይነሣ ነግረውኛል፣ ተቀብያለሁ። በምትኩ የቤተሰብ ሕክምና ሽፋን፣ የሙከራ ጊዜው ሠላሳ ቀን፣ ቅዳሜ ነጻ፣ መጀመሪያዬም ማስጠንቀቂያዬን ከጨረስኩ በኋላ ቢሆን በደስታ እፈርማለሁ።» ከአራቱ ሁለቱ ከተገኙ ድርድሩ ተሳክቷል። የሰው ሀብት ኃላፊው ሊወስነው የማይችለው፣ ለምሳሌ ቅዳሜው፣ ለክፍሉ ኃላፊ እንዲቀርብ መጠየቅ ነው።

«ችግር የለም፣ ገብተሽ እንነጋገራለን» የሚል መልስ ከመጣ ግን አልተሰጣትም። የነገራት ሰው ቃሉን ሊጠብቅ ይችላል፤ በሦስተኛው ወር ሌላ ሰው ሲተካ ቃሉን የሚያውቅ አይኖርም። መልካም ፈቃድ ያለው አሠሪ የተስማሙበትን በአንድ ገጽ ጽፎ ለመፈረም አይቸገርም። በጽሑፍ ውል ሳይደረግ ሥራ ቢጀመር እንኳ አዋጁ አሠሪው የውሉን ይዘት ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ያም ቢሆን ወረቀቱ እጅ ሳይገባ ለነባሩ አሠሪ የመልቀቂያ ደብዳቤ አያስገቡ።