ያልተናገረችው ታማሚና የአምስት ደቂቃው ፍተሻ

«ታማሚዋ ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም።» ይህን በካርድ ላይ የሚጽፍ ተረኛ ሐኪም ያየውን ሳይሆን የገመተውን ነው የጻፈው። ያየው አለመናገሯን ነው። ካታቶኒያ የሚባለው ሕመም ሳይታወቅ የሚያልፈውም ብዙ ጊዜ በዚህች ግምት ነው።

ለሳይካትሪ ሬዚደንቶች ማስተማሪያ የተሰናዳ አንድ ታሪክ እንውሰድ። ታማሚዋ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ከአራት ቀን ወዲህ አልተናገረችም፣ እህል አልቀመሰችም፤ ዓይኗን እንደገለጠች ተጋድማለች። ቤተሰቧ ጸበል ወስደዋት ነበር፤ ውሃም አልዋጥ ሲላት ወደ ሆስፒታል አመጧት። እናቷ «አፏ ተያዘ» ይላሉ። ተረኛው ሬዚደንት ሳይኮሲስ ነው ብሎ ሃሎፔሪዶል ሊያዝ ነው።

አስተማሪዋ ሐኪም መድኃኒቱን አስቆሙና የታማሚዋን ክንድ ወደ ላይ አንስተው ለቀቁት። ክንዱ አልወደቀም፤ በተተወበት ቀረ። ክርኗን ሲያጥፉት እንደ ሞቀ ሰም በዝግታ ተለመጠ። ቀጥለው እጃቸውን ለሰላምታ እየዘረጉ «እንዳትጨብጪኝ» አሏት። የልጅቷ እጅ መንገድ ጀመረ፣ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተነሳ። የተዘረጋው እጅ ይጠራታል፣ ቃሉ ይከለክላታል፤ እሷ በሁለቱ መካከል ተይዛለች። እልኸኛ ሰው እንዲህ አይዋልልም።

እነዚህን ምልክቶች ጥያቄ በመጠየቅ ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ ታማሚውን መንካት፣ ማንቀሳቀስና ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው የቡሽ-ፍራንሲስ መለኪያ 23 ምልክቶች አሉት። ከመጀመሪያዎቹ 14 ሁለቱ ከታዩ ካታቶኒያ መጠርጠር አለበት፤ ከዚያ ሁሉም በክብደታቸው ነጥብ ይሰጣቸዋል። የወጣቷ ድምር 18 ሆነ። ካታቶኒያ ሁልጊዜ ዝምታ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ ያለ ዓላማ የሚቅበጠበጥ ወይም የሰማውን ቃል እየደጋገመ የሚመልስ ታማሚም ሊሆን ይችላል።

ጀርመናዊው ሐኪም ካልባውም ሕመሙን በ1874 በመጽሐፍ ከገለጸው በኋላ ለረጅም ዘመን የስኪዞፍሬንያ ዓይነት ብቻ ተደርጎ ተቆጥሯል። የሬዚደንቱ ሐሳብም ከዚያ የወረሰው ነው። ነገር ግን ከባድ ድብርት፣ ባይፖላር፣ የአንጎል ብግነት፣ የሚጥል በሽታና እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒትን በድንገት ማቆምም ያመጡታል። ሃሎፔሪዶል ደግሞ ሰውነቷ የደረቀ የካታቶኒያ ታማሚን ወደ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ግትርነትና የጡንቻ መጎዳት ሊገፋት ይችላል፤ ያ ለሞት የሚያደርስ ነው። ስለዚህ ትኩሳቷ፣ የልብ ምቷ፣ የደም ስኳሯ፣ ኤሌክትሮላይቷና ሲኬ የተባለው የጡንቻ ኤንዛይም ታዩ። ትኩሳት የላትም፤ ሲኬ ጥቂት ከፍ ብሏል። ግሉኮስ ተሰቀለላት።

አሁን የሎራዜፓም ፍተሻ ተጀመረ። የትንፋሽ መርጃ አጠገብ ተዘጋጀ፣ የኦክስጅን መለኪያ ጣቷ ላይ ተደረገ፣ 1 ሚሊ ግራም ሎራዜፓም በደም ሥር በዝግታ ተሰጣት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያው ምርመራ በያው ቅደም ተከተል ተደገመ። ነጥቡ 15 ነው፤ ትንሽ ነው። ሌላ 1 ሚሊ ግራም ተጨመረ። በሚቀጥሉት አምስት ደቂቃዎች ዓይኗ ሰው መከተል ጀመረ፣ ክንዷ ሲለቀቅ ወረደ፣ «ውሃ» አለች። ነጥቡ 6 ሆነ። ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ፍተሻው አዎንታዊ ነው ይባላል። ቆየት ብላ፣ አልጋዋ አጠገብ የተባለውን ሁሉ ትሰማ እንደነበር ተናገረች፤ ዝም ባለ ታማሚ ፊት አፍን መጠበቅ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሰው የሚያስተኛ መድኃኒት እንዴት ያነቃል? ሎራዜፓም ጋባ የተባለውን የአንጎል አረጋጊ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል፤ የተቆለፈው እንቅስቃሴም ይፈታል። ታማሚው ከተኛ ግን ፍተሻው አልተሳካም ማለት አይደለም፤ ሲነቃ እንደገና ይመረመራል። ለውጥ አለመታየቱም ካታቶኒያን ውድቅ አያደርግም፤ በተለይ ለዓመታት የቆየው ለመድኃኒቱ እምብዛም አይመልስም። የመርፌ ሎራዜፓም ከሌለ ዲያዜፓም ይሠራል፤ የሁለቱ ሚሊ ግራም ግን እኩል ስላልሆነ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

እናቷ ምሽት ላይ ልጃቸው ዳግም ዝም ስትል ደነገጡ። የሚጠበቅ ነው፤ የፍተሻው መጠን ከሰዓታት በኋላ ይደክማል። ከዚያ በኋላ ሎራዜፓም በቀን ሦስት ጊዜ 2 ሚሊ ግራም ታዘዘላት፣ ትንፋሿ እየታየ። እግሯ ላይ ደም እንዳይረጋ መከላከያ ተሰጣት፣ ጎኗም ይገለበጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን መናገር ስትችል፣ ለወራት የቆየ ድብርት ታሪክ ወጣ፤ ሕክምናውም ወደዚያ ዞረ። በእነዚህ ቀናት ባትሻሻል ወይም ትኩሳት ቢነሳ ኖሮ ያለ መዘግየት በማደንዘዣ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና ይታሰብ ነበር። ሎራዜፓሙ የሚቀነሰው በቀስታ ነው፤ እጇ ተነስቶ መቅረት ወይም ንግግሯ መቀነስ ከጀመረ መጠኑ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህን ለእናቷም አሳይተዋቸዋል።